ሊቀድም ወጥቶ መመለሻ ያጣው ሚኒባስ፦ ከሐሙሲት ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ የደረሰ የአንድ አደጋ ጥናት

የጽሑፉ መነሻ

በባሕር ዳር ከተማ አሽከርካሪዎችን ሳሠለጥን አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ስለ መቅደም ያስተማርሁት ትምህርት በአብዛኛው ክልክል የሆኑ ቦታዎችን በቃል ማስያዝ ነበር፤ ኩርባ፣ የዳገት ጫፍ፣ ድልድይ፣ መስቀለኛ መንገድ፣ የእግረኛ ማቋረጫ እያሉ መዘርዘር ማለት ነው። ከዚህ በታች የምተርከው ጉዳይ ግን ዝርዝሩን አንድ ሳያጎድል በሚያውቅ ሹፌር ላይ የደረሰ ነው። ከአደጋው በኋላ እንዲሁ ብጠይቀው ሁሉንም ቆጥሮልኛል። ስለዚህ ጥያቄው ሕጉን ያውቃል ወይስ አያውቅም የሚል አልነበረም፤ ሕጉን የሚያውቅ ሰው ሊቀድም ሲወጣ ዓይኑ ምን አይቶ፣ ልቡ ምን ገምቶ እንደ ወጣ ማወቅ ነበር።

የሰዎቹን ስም፣ የመኪኖቹን ታርጋና የማኅበሩን ስም ሆን ብዬ ትቻለሁ።

ዳራ

ሹፌሩ በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል ለስድስት ዓመት የሠራ ሰው ነው። የሚነዳው ሚኒባስ የሌላ ሰው ሲሆን፣ ለባለቤቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ከዚያ የተረፈው የእሱና የረዳቱ ነው። ይህን ያነሣሁት በኋላ ስለሚያስፈልገን ነው።

መንገዱ ዓባይን ተሻግሮ በዘንዘልማ በኩል ከወጣ በኋላ ሐሙሲትን አልፎ ወደ ፎገራ ሜዳ ይገባል። ሜዳው ከጣና በስተ ምሥራቅ የተዘረጋ፣ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት አገር ነው። አስፋልቱ ለሁለቱም አቅጣጫ አንድ አንድ ረድፍ ብቻ ያለው ነው፤ እኔ በቆምሁበት ቦታ ስለካው ስፋቱ 7 ሜትር ያህል ሆነ። ሜዳ ላይ ረጅም ቀጥታ መንገድ ሲገኝ ሹፌር ደስ ይለዋል፤ በኋላ የቀረውን ሰዓት የሚያካክሰው እዚያ ነውና። በዳገትና በኩርባ ላይ ጠንቃቃ የሆነ ሰው እንኳ እዚህ ሲደርስ ጥንቃቄው ይላላል።

ጊዜው የኅዳር ወር ነበር። ሩዝ የሚታጨድበት ወቅት በመሆኑ ከመንገዱ ዳር ነዶ የጫኑ ጋሪዎች፣ ከብቶችና ወደ እርሻ የሚወጡ ሰዎች ይበዛሉ። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ጭጋግም ዝናብም አልነበረም።

የሆነው ነገር

ሚኒባሱ አሥራ ሁለት ሰው ጭኖ ከአንድ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ኋላ ደረሰ። የጭነት መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከፊት ለፊት መኪና በተከታታይ ይመጣ ስለነበር ሹፌሩ ለአራት ወይም ለአምስት ደቂቃ ሳይቀድም ተከተለው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሳያውቀው እየተጠጋ ሄደ፤ እሱ ራሱ እንደገመተው መጨረሻ ላይ ከተሳቢው ጀርባ በ8 ሜትር ርቀት ላይ ነበር። ከእሱ ኋላ ደግሞ አንድ ፒክአፕ በተመሳሳይ መንገድ ተጠግቶ ነበር።

ከዚያ የጭነት መኪናው ቀኝ ፍሬቻ አሳየ። ሹፌሩ ይህን «እለፍ» ማለት ነው ብሎ ተረዳው። ሚኒባሱን ወደ ግራ ወጣ አድርጎ ሲያይ መንገዱ እስከ ሩቅ ባዶ ነው፤ በቦታው ያለው የመሐል መስመርም የተቆራረጠ ነው። ማርሽ ቀነሰና ነዳጅ ሰጠ።

ሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል እንደ ሄደ አንዲት ትንሽ አውቶሞቢል ከመሬት የወጣች ይመስል ከፊቱ ብቅ አለች። በዚያች ቅጽበት ሚኒባሱ ገና የተሳቢውን ጭራ አላለፈም ነበር፤ ፍሬን ይዞ ወደ ኋላው ቢመለስ ይችል ነበር። እሱ ግን «ትንሽ ብጨምር እደርሳለሁ» ብሎ ሁለት ሰከንድ ያህል ቀጠለ። ከዚያ እንደማይደርስ ገባውና ፍሬን ያዘ። የጭነት መኪናው ሹፌርም በዚያው ሰከንድ፣ ሚኒባሱን ለማስገባት ብሎ ፍሬን ያዘ። ሁለቱም አብረው ስለቀነሱ ጎን ለጎን ሆነው ቀሩ። ወደ ኋላ የሚገባበት ቦታ ደግሞ አልነበረም፤ ፒክአፑ ሚኒባሱ የለቀቀውን ቦታ ሞልቶታል።

ሦስቱ መኪኖች አንድ መስመር ላይ ሲገናኙ የጭነት መኪናው የቀኝ ጎማዎቹን ከአስፋልቱ አውጥቶ ጠጠሩ ላይ አድርጎ ነበር፤ አውቶሞቢሏም እንዲሁ በራሷ በኩል ወጥታለች። ሚኒባሱ በመካከላቸው አለፈ። የሁለት መኪና ስፖኪዮ ተሰበረ፣ የሚኒባሱ የቀኝ ጎን ከተሳቢው ጋር ተፋጭቶ ተላጠ፣ አንዲት ተሳፋሪ ግንባሯ ከፊቷ ካለው ወንበር ጋር ተጋጭቶ በሦስት ስፌት ተሰፋ። ሌላ የተጎዳ ሰው አልነበረም። በሁለቱም በኩል ጠጠሩ ላይ በዚያች ደቂቃ ጋሪም ሰውም አለመኖሩ ዕድል እንጂ የማንም ብልሃት አይደለም። ትራፊክ ፖሊስ ጥፋቱን በሚኒባሱ ሹፌር ላይ አድርጎ ቀጣው።

ምርመራው

የሚኒባሱ ባለቤት የቆየ ትውውቅ ስላለን፣ ሹፌሩን ከሥራ ከማባረሩ በፊት እንዳነጋግረው ጠየቀኝ። ሹፌሩን፣ ረዳቱን፣ እንዲሁም በስልክ የጭነት መኪናውን ሹፌር ለየብቻ ጠየቅኋቸው።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ የጭነት መኪናው ሹፌር መልስ ነው። «ጎማ ላይ ጥርጣሬ ስለነበረኝ ዳር ይዤ ልቆም ነው ቀኝ ያሳየሁት» አለኝ። ለማንም «እለፍ» አላለም። ቀኝ ፍሬቻ በሕጉ ወደ ቀኝ እታጠፋለሁ ወይም ዳር ልይዝ ነው ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። አሽከርካሪዎች በልማድ ሲግባቡበት ደግሞ የሚያየው ሰው እንደ ፈለገው ይተረጉመዋል። እንዲያውም በእርግጥ «እለፍ» ለማለት ቢያሳየው ኖሮ፣ የጭነት መኪናው ሹፌር የሚያውቀው የራሱን ፊት ብቻ ነው፤ ኋላ ያለው መኪና ምን ያህል ጉልበት እንዳለው፣ ምን ያህል ሰው እንደጫነ፣ ለማለፍ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት አያውቅም።

ቀጥሎ ሹፌሩን ይዤ ወደ ቦታው ተመለስን። እኔ በሚኒባሱ የሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጬ አንድ ባጃጅ ከፊቴ ቀስ ብሎ እንዲሄድ አደረግሁ። 250 ሜትር ያህል ሲርቅ ከጎማው ጀምሮ እየሰመጠ ሄደና ጣሪያው ሳይቀር ጠፋ፤ መቶ እርምጃ ያህል ተሰውሮ ቆይቶ እንደገና ወጣ። መንገዱ እዚያ ላይ ጥልቀት የሌለው ዝቅታ አለው። ከሩቅ ሲያዩት ከዝቅታው ወዲያ ያለው አስፋልት ከወዲህኛው ጋር ተገናኝቶ አንድ ወጥ ቀጥታ መንገድ ይመስላል። ሹፌሩ «በዚህ መንገድ ስድስት ዓመት ተመላልሻለሁ፤ ጉድጓድ እንዳለው ዛሬ ነው ያየሁት» አለ። አልዋሸም። የጭነት መኪና ወይም አውቶቡስ ከፊት ሲመጣ ከፍታው ስለሚታይ ዝቅታው ሰውሮት አያውቅም፤ ትንሽ አውቶሞቢልን፣ ባጃጅንና ሞተር ሳይክልን ግን ይውጣቸዋል።

ከዚያው ቦታ 80 ሜትር ያህል አለፍ ብሎ ከግራ በኩል ከእርሻ የሚመጣ የጠጠር መንገድ ከአስፋልቱ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ መሐል መስመሩ የተቆራረጠ ቢሆንም ቦታው በሁለት ምክንያት መቅደም የማይቻልበት ነበር፤ ፊቱ አይታይም፣ መገናኛ መንገድም አለው። የተቆራረጠ መስመር የሚናገረው ወደ ግራ ረድፍ መውጣት በመስመሩ ምክንያት እንዳልተከለከለ ብቻ ነው። ሌሎቹ ክልከላዎች መስመር ቢቀባም ባይቀባም እንዳሉ ናቸው።

በሰዓት የተለካው

ሹፌሩ ደጋግሞ ያነሣው ክርክር «መንገዱ ባዶ ነበር፣ ይበቃኝ ነበር» የሚል ስለሆነ ለመለካት ወሰንን። በአንድ ጸጥ ያለ ጠዋት፣ መኪና በማይበዛበት ቀጥታ መንገድ ላይ፣ ሚኒባሱን በአሥራ ሁለት ሰው ልክ ጭነን በራሳችን ረድፍ ውስጥ ከ50 ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ያዝን። ሦስት ጊዜ ሞክረን ከ10 እስከ 11 ሰከንድ ሆነ። ባሕር ዳርና አካባቢዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆኑ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል። መኪናው አዲስ ሳለ የነበረውን ፍጥነት እያሰበ የሚወጣ ሹፌር እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ይሳሳታል።

ከዚያ ሒሳቡን አብረን ሠራን። ሚኒባሱ ለመቅደም ከጭነት መኪናው አንጻር የሚያገኘው ብልጫ አራት ነገሮችን መሸፈን አለበት፦ በመካከላቸው ያለውን 8 ሜትር፣ የጭነት መኪናውንና የተሳቢውን ርዝመት 18 ሜትር ገደማ፣ የሚኒባሱን የራሱን 5 ሜትር፣ ካለፈ በኋላም ፊቱን ሳይቆርጥ ለመግባት የሚተወውን 20 ሜትር። ድምሩ 51 ሜትር ነው። ከ50 ተነሥቶ እየጨመረ እስከ 80 ሲሄድ ይህን ለመሸፈን ከ11 ሰከንድ በላይ ይፈጃል። በእነዚያ ሰከንዶች እሱ ራሱ 210 ሜትር ያህል መንገድ ይሄዳል፤ ከፊት በ80 የምትመጣው መኪና ደግሞ 250 ሜትር ትመጣለች። ስለዚህ ልክ ሲገባ ለመገናኘት ብቻ 460 ሜትር ባዶ መንገድ ያስፈልጋል፤ የሦስት ሰከንድ ትርፍ እንዲኖረው ሲታሰብ ወደ 600 ሜትር ይደርሳል። ያን ቀን ሹፌሩ በእርግጥ ሊያየው የሚችለው መንገድ 250 ሜትር ነበር።

ወረቀቱን ሲያይ ዝም አለና «ጋሼ፣ እንግዲያው እስከ ዛሬ ያለፍሁት በጸሎት ነው» አለኝ።

ይህን ያህል ባዶ መንገድ የማይፈጅ አቀዳደም ግን አለ፤ በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ ጠቃሚ ሆኖ ያገኘሁትም ይኸው ነው። ሹፌሩ ከተሳቢው ጀርባ ሁለት ሰከንድ ያህል፣ ማለትም በ50 ፍጥነት 28 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠብቃል። ከፊት የሚመጣው የመጨረሻ መኪና ሊያልፈው ሲቃረብና ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሲከፈት፣ ገና በራሱ ረድፍ ውስጥ እያለ ፍጥነት መጨመር ይጀምራል። ከተሳቢው ጀርባ 10 ሜትር ሲቀረው ቀድሞ የ19 ኪሎ ሜትር ያህል ብልጫ ይዟል፤ ያኔ ነው ወደ ግራ የሚወጣው። በግራ ረድፍ ላይ የሚቆየው 7 ሰከንድ ገደማ ብቻ ይሆናል። በ11 እና በ7 መካከል ያለው አራት ሰከንድ ከፊት በ80 ለምትመጣ መኪና ከ85 ሜትር በላይ ነው።

ወደ ኋላ መቅረት ሌላም ጥቅም አለው። ከ8 ሜትር ላይ ሆኖ ፊትን ለማየት የመኪናውን ግማሽ ወደ ግራ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ከ28 ሜትር ላይ ግን ወደ መሐል መስመሩ ጠጋ ብሎ ማየት ይበቃል። ፍጥነት እየጨመረ ሳለም አንድ ነገር ቢታየው ገና በራሱ ረድፍ ስለሆነ ፍሬን ነክቶ መተው ይችላል። ብዙ ሹፌር ጠጋ ማለት መቅደምን የሚያሳጥር ይመስለዋል፤ የሚያሳጥረው ግን ርቀቱን ነው፣ በሰው ረድፍ ላይ የሚቆዩበትን ጊዜ ያስረዝመዋል።

ክልክል ስለሆኑ ቦታዎች

ቦታውን ካየን በኋላ የክልክል ቦታዎችን ዝርዝር ከሹፌሩ ጋር እንደገና አነበብነው፤ በዚህ ጊዜ ግን እያንዳንዱን «ለምን?» እያልን። ኩርባ፣ የዳገት ጫፍና እንደዚህ ያለ ዝቅታ አንድ ወገን ናቸው፤ የሚያስፈልገው ባዶ መንገድ መኖሩን ዓይን ሊያረጋግጥ አይችልም። ጭጋግ፣ ከባድ ዝናብና አቧራም እንዲሁ ናቸው። ሌሊት የሚታየው መብራት የደረሰበት ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ከሩቅ መብራት አለመታየቱ መንገዱ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ መብራት የሌለው ጋሪ በዚህ መንገድ የተለመደ ነው።

መስቀለኛና መገናኛ መንገድ ሌላ ወገን ነው። እዚህ አደጋው ከፊት ብቻ አይመጣም። ከግራ በኩል ወደ አስፋልቱ የሚገባ ሰው የሚያየው ወደ ራሱ ግራ ነው፤ በቅርብ ረድፉ ላይ መኪና ከዚያ በኩል ነው የሚመጣበትና። በተሳሳተ ረድፍ ላይ ከቀኙ የሚመጣበትን ሚኒባስ አይጠብቀውም። ከፊት ያለው መኪናም ወደ ግራ ሊታጠፍ ይችላል። ወደ ግራ ለመታጠፍ ፍሬቻ አሳይቶ መሐሉን የያዘን መኪና በግራ መቅደም አይቻልም፤ በቀኝ በኩል በአስፋልቱ ላይ በቂ ቦታ ካለ ብቻ በዝግታ ማለፍ ይቻላል። ጠጠሩ ላይ ወጥቶ በቀኝ ማለፍ ግን አይፈቀድም፤ ጠጠሩ የእግረኛና የጋሪ ነው።

ድልድይ ላይ ችግሩ መሸሻ ማጣት ነው። ከላይ እንደተረከው ሦስቱ መኪኖች የተረፉት ሁለቱ ወደ ጠጠሩ ስለወጡ ነው፤ ያው ነገር ጉማራ ድልድይ ላይ ቢሆን ኖሮ መውጫ አልነበራቸውም። በእግረኛ ማቋረጫ ፊት የቆመ ወይም የቀነሰ መኪናን መቅደም የሚከለከለው ደግሞ መኪናው ራሱ የሚያቋርጠውን ሰው ስለሚሸፍነው ነው። ሐሙሲት ውስጥ በገበያ ቀን ይህ በየደቂቃው የሚደርስ ነገር ነው።

ያልተቆራረጠ መስመር በራስ በኩል ካለ መሻገር አይቻልም፤ ሁለት መስመር ጎን ለጎን ሲሆን የሚታዘዘው ወደ ራስ ረድፍ ቅርብ የሆነው ነው። በቀይ ክብ ውስጥ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የተሳለበት ምልክት ከቆመም እንዲሁ። ከፊት ያለው መኪና ራሱ ሌላውን እየቀደመ ሳለ፣ ወይም ከኋላ ያለው እርስዎን ለመቅደም ከወጣ በኋላ መውጣትም ክልክል ነው። የኋለኛውን ለማወቅ ከመውጣት በፊት የግራ ስፖኪዮውን ማየትና ቀድሞ ፍሬቻ ማሳየት ያስፈልጋል። በእኛ ጉዳይ ሹፌሩ ስፖኪዮውን አላየም፤ አይቶት ቢሆን ኖሮ ፒክአፑ እንደተለጠፈበትና መመለሻው እንደሚዘጋ ያውቅ ነበር።

የተወሰዱ እርምጃዎች

የመጀመሪያው እርምጃ ከሚሄድ የጭነት መኪና ኋላ ሆኖ ለሁለት ሳምንት ምንም አለመቅደም ነበር። በምትኩ ሹፌሩ «አሁን ቢሆን እቀድም ነበር» ባለ ቁጥር ከፊት የምትታየውን መኪና እያየ ረዳቱ በሰከንድ እንዲቆጥር አደረግን። መኪናዋ እስክታልፋቸው ድረስ ቆጠራው ከ20 በታች ከሆነ ያ ግምት ስሕተት ነበር ማለት ነው። ሃያን የመረጥነው ከሒሳቡ ነው፤ ተጠግቶ ለሚወጣም ሆነ ከኋላ ተንደርድሮ ለሚወጣ ከ16 እስከ 19 ሰከንድ ያህል ይወጣል፤ የቀረው ለመሳሳት የተተወ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሹፌሩ «ይበቃል» ካላቸው አሥራ አራት ጊዜያት በዘጠኙ መኪናዋ ሃያ ሳይሞላ ደረሰች። የሩቅ መኪና የቆመች ትመስላለች፤ ዓይን የምትመጣበትን ፍጥነት የሚለየው ከቀረበች በኋላ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ክትትሉን ማራቅ ነበር። የፊተኛው መኪና ጭራ አንድ ዛፍ ወይም የኪሎ ሜትር ድንጋይ ሲያልፍ መቁጠር መጀመርና ቢያንስ ሁለት ሳይሞላ እዚያ ከደረሱ ወደ ኋላ መቅረት ነው። ሦስተኛው፣ ተንደርድሮ የመውጣቱን ልምምድ መጀመሪያ በባዶ መንገድ፣ ከዚያ ከእኔ ጋር በሥራ ሰዓት አደረግነው።

አራተኛው ስለ መተው ነው። ሹፌሩ ከወጣ በኋላ አንድ ነገር ቢታየው የሚወስነው ወዲያው እንዲሆን ተስማማን። የሚኒባሱ አፍንጫ የፊተኛውን መኪና ጋቢና ካላለፈ ፍሬን ይዞ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ካለፈ ይቀጥላል። ግማሽ ልብ ሆኖ የሚያልፍ ሁለት ሰከንድ ከሁለቱም የከፋ ነው። ለሚቀደመው ሹፌርም ተመሳሳይ ነገር አለው፤ ቀኙን ይዞ፣ ፍጥነት ሳይጨምር ባለበት መሄድ አለበት። መቀነስ ያለበት ቀዳሚው ወደ ፊት እንደሚሄድ ሲያረጋግጥ ነው፤ ቀዳሚው ፍሬን ይዞ ወደ ኋላ እየተመለሰ ሳለ መቀነስ የሚገባበትን ክፍተት ይዘጋበታል። የጭነት መኪናውን ሹፌር በዚህ አልወቅሰውም፤ በቅን ልቦና ያደረገው ነው፤ ጠጠሩ ላይ በመውጣቱም ሕይወት አትርፏል።

የሠራውና ያልሠራው

ቆጠራው ሠርቷል። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግምቱ ከሃያ በታች የሚወድቀው አልፎ አልፎ ብቻ ሆነ፤ ያኔም በአንድ በሁለት ሰከንድ ነው። ረዳቱም ሳይጠየቅ መቁጠር ለመደ። ተንደርድሮ መውጣቱን ሹፌሩ በቶሎ ወደደው፤ ምክንያቱም መኪናው ሳይጨነቅ ያልፋል።

ርቀት መጠበቁ ግን በከፊል ብቻ ነው የሠራው። ወደ ኋላ ሲቀር ሌላ ሚኒባስ ቀድሞት ክፍተቱ ውስጥ ይገባል፤ እንደገና ወደ ኋላ ይቀራል፤ እንደገና ሌላ ይገባል። ተሳፋሪውም «ምን ይጎተታል?» ይላል። ይህን የሚፈታ ዘዴ አላገኘሁም። ባለቤቱ በመጀመሪያ ያሰበው፣ ማለትም በቀደመ ቁጥር ቅጣት ማስከፈል፣ በሁለት ቀን ተተወ፤ ማን ያየዋል? ይልቅ የጠቀመው የዕለት ገቢውን ትንሽ ዝቅ አድርጎ ማታ የሚደረገውን የመጨረሻ ምልልስ ማስቀረቱ ነው። ሹፌሩ ራሱ እንዳለው ያን ጠዋት የቸኮለው ለጎንደር መንገደኛ ሳይሆን ለማታው ምልልስ ነበር።

ክላክስ ላይ የሰጠሁት ምክር ደግሞ መልሶ ጎዳ። ከመውጣቱ በፊት አጭር ክላክስ እንዲነፋ ነግሬው ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ክላክሱን ከነፋ በኋላ የፊተኛው እንደሰማውና እንደፈቀደለት ይቆጥረው ጀመር። አስቁሜዋለሁ። አሁን ክላክስ የሚነፋው የፊተኛው መኪና ወደ መሐል ሲያዘነብል ሲያይ ብቻ ነው።

ወደ ሌላ መንገድ የሚሻገረው

ይህ ጉዳይ በሚኒባስና በተሳቢ መካከል የሆነ ቢሆንም ቁጥሮቹ ለእያንዳንዱ መኪና እንደገና መሠራት አለባቸው። ጉልበት ያለው አውቶሞቢል ከ50 ወደ 80 በአምስት ሰከንድ ይደርሳል፤ ጭነት የያዘ አይሱዙ ግን በፎገራ ሜዳ ላይ በ50 የሚሄድን ተሳቢ ለመቅደም የሚበቃው ባዶ መንገድ አያገኝም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ሹፌር የራሱን መኪና በጭነቱ ልክ ከ50 ወደ 80 አንድ ጊዜ በሰዓት ቢይዝ፣ የትኛውን መኪና መቅደም እንደማይችል ያውቃል። ሁለት የጭነት መኪና ተከታትለው ከሄዱ፣ በመካከላቸው የሚገባበት ክፍተት ከሌለ ሁለቱን እንደ አንድ ረጅም መኪና መቁጠር አለበት፤ በዚያን ጊዜ ሃያ ሰከንዱ አይበቃም።

ሌላው ዝቅታን የማወቅ ነገር ነው። ሹፌሩ ያገኘው ቀላል ዘዴ አለ፤ ከፊት የምትሄድን ወይም የምትመጣን ትንሽ መኪና ጎማ ማየት። ጎማዋ ከጠፋና ጣሪያዋ ብቻ ከታየ በዚያ መካከል ሌላ የማይታይ መኪና ሊኖር ይችላል። በአንድ ወር ውስጥ ከባሕር ዳር እስከ ወረታ አምስት እንዲህ ያሉ ቦታዎችን በማስታወሻ ይዟል፤ ሦስቱ የተቆራረጠ መስመር የተቀባባቸው ናቸው።

ከስድስት ወር በኋላ አብሬው ወደ ጎንደር ስሄድ፣ ከወረታ ወዲያ አንድ የጭነት መኪና ቀኝ ፍሬቻ አሳየን። ሹፌሩ ነዳጁን ለቀቀና ወደ ኋላ ቀረ። የጭነት መኪናው እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፍ» እያለ ያወዛውዝ ነበር፤ ከፊታችን ደግሞ ኩርባ ነበር። ረዳቱ እስከ ስምንት ቆጥሮ ሳለ ከኩርባው አውቶቡስ ወጣ።